ጓደኛችን ተረቡ ሰልችቶታል መሰለኝ፤ ነገር ሳላካብድ እንዴት ልተወው?

ጊዮርጊስ ጀርባ · እሑድ ጠዋት 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አራት ጓደኛሞች ነን፤ ዶሮ ማነቂያ አብረን ያደግን። ስንገናኝ ሥራችን ተረብ ነው። አንዱ አዲስ ጫማ አድርጎ ከመጣ ጫማው ብቻ ሳይሆን የሸጠለትም ሰውዬ አይተርፍም። ተቀይሞ የሚያውቅ የለም። እኔ በአፍንጫዬ ሃያ ዓመት ተተርቤ ይኸው አለሁ።

በ2016 ሰፈሩ ሲነሳ ተበተንን። ሁለታችን እዚሁ መሀል ከተማ ተከራይተን ቀረን። አንዱ አራት ኪሎ አክስቱ ጋ ገባ። አራተኛው ከእናቱ ጋር ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ቅዳሜ ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ፒያሳ መገናኘታችንን ግን አልተውንም።

እንግዲህ ተረቡ የት ላይ እንዳረፈ ገምቱ። «ጅቡ እስከ ታክሲው ሸኘህ?» «እናንተ ጋ ፀሐይ ቀድማ ነው አሉ የምትወጣው፣ እውነት ነው?» «ስንቁን የት ጣልከው?» ስሙም ተቀየረ። አምባሳደር ሆነ፤ የአራብሳ አምባሳደር። የቴሌግራም ግሩፓችንን «የአራብሳ ኤምባሲ» ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አሁን አስተናጋጁ እንኳ «ለአምባሳደሩስ ምን ይምጣ?» ነው የሚለው።

መጀመሪያ ላይ ከሁላችንም እሱ ይብስ ነበር። «እናንተ የሰው በር አንኳኩታችሁ ትገባላችሁ፣ እኔ የራሴን ቁልፍ ነው የማዞረው» ብሎ ኪራይ ያለብንን ሰዎች አንገት አስደፍቶናል። ያን ቀን ሆዴን እስኪያመኝ ነው የሳቅኩት።

ሦስት ወር ገደማ ሆነው እንግዲህ፣ የሆነ ነገር ጠፍቷል። ትናንት «ክቡር አምባሳደር፣ ቪዛው ስንት ሰዓት ፈቀደልህ?» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱም «ሄ» አለ። ከዚያ የማኪያቶውን ብርጭቆ ሰሐኑ ላይ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ መልሶ አዞረው፤ «እሺ» አለ። በቃ። የድሮው ሰውዬ ቢሆን አፍንጫዬን ይዞ ሱሉልታ ያደርሰኝ ነበር። 12 ሰዓት ተኩል ላይ «መንገድ አለብኝ» ብሎ ተነሳ። ማኪያቶው ግማሽ ነው። ሲወጣ ባንኮኒው ጋ ቆሞ የራሱን ብቻ ከፍሎ ሄደ። እኛ መሀል እንዲህ ተደርጎ አያውቅም።

ከፍቶት ነው ወይስ ደክሞት? ከከፋውስ እንዴት አድርጌ ነው ሳላካብደው የምተወው? ለሌሎቹ ብነግራቸው ይህንኑም ተረብ ያደርጉታል።

ቁርጡን ንገረኝ · 3፡41

ወንድሜ አንተ ነገር ታበዛለህ። ደውልና «ከፍቶሃል?» በለው። ከፍቶኛል ካለ ይቅርታ ጠይቅ፤ አልከፋኝም ካለ ቀጥል። በተረብ ያደገ ሰው በተረብ አይሞትም።

እሪ በከንቱ · 3፡55

አምባሳደር አካባቢ ነው የምትገናኙት? እዚያ ቅዳሜ ማታ መቀመጫ አይገኝም። ለምን ወደ ብሔራዊ አትወርዱም?

ጊዮርጊስ ጀርባ · 4፡02

ኧረ ወንድሜ፣ አምባሳደር ሰውዬው ነው። የምንገናኘው ፒያሳ ነው።

ቁርጡን፣ ጠይቄው አውቃለሁ። ባለፈው ወር ሁሉም ባሉበት «ምነው ኮረፍክ እንዴ?» አልኩት። «ኧረ በፍጹም! ምን ሆኜ?» አለኝ። ከዚያ አንዱ «አምባሳደር ቅሬታቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ» አለና እንደገና ተሳቀ።

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል · 4፡30

እንግዲያው እዚያ ጋ ነው የተበላሸው። በሰው ፊት «ኮረፍክ እንዴ?» ሲባል ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ኧረ በፍጹም»። አዎ ቢል ኩርፊያው ራሱ አዲስ ተረብ ይሆንበታል፤ እንደሆነም ነገርከን። ስለዚህ ያንን መልስ ከቁጥር አታስገባው።

ብዙ ዓመት ተማሪዎች በማማከር ነው የኖርኩት። የጓደኛሞች ጉዳይ ከፈተና ጉዳይ እኩል ይመጣል። ከዚያ የተማርኩት፣ ሳቁን ማየት እንደማያዋጣ ነው። እኛ ሀገር ሰው ለይሉኝታ ይስቃል። ሳቅ ከተረበኛው ጋር የምንከፍለው መዋጮ ነው። መታየት ያለበት መልሱ ነው። ተረብ ቅብብል ነው፤ ትወረውራለህ፣ ይወረወርብሃል። ያ ሰውዬ «የራሴን ቁልፍ ነው የማዞረው» ሲል ኳሷ እሱ ጋ ነበረች። «እሺ» ሲል ኳሷን ከሜዳ አውጥቷታል። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ አይደለም፤ ሦስት ሰው አንዱን እየመታ ነው።

አሁን ድካምና ቅያሜን ለመለየት አንድ ነገር አስታውስ። ስለ ኳስ ወይም ስለ አፍንጫህ ሲነሳ ይመልሳል? በዚያ የሚመልስ ከሆነና አራብሳ ሲነሳ ብቻ «እሺ» የሚል ከሆነ፣ ቁስሉ አንድ ቦታ ነው፤ ያንን ብቻ መተው ይበቃል። በሁሉም ዝም ካለ ግን ወይ ከእናንተ ጋር መሆኑ ራሱ ሰልችቶታል፣ ወይ ቤቱ ውስጥ እናንተ የማታውቁት ነገር አለ። ያኔ ተረብ መተው ብቻውን ምንም አይፈታም።

ጊዮርጊስ ጀርባ · 4፡48

ይኸው ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ባለፈው ሳምንት የአራት ኪሎውን ልጅ በሸሚዙ አንጀቱን አርሶታል። በአፍንጫዬም ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ወርውሮብኛል፤ ጥሩ ነበረች። አራብሳ ላይ ግን ከመልስ ጋር የተለያየ መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

የሜክሲኮዋ · 5፡15

አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ተተርቤያለሁ። ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ «ካርዱ መቼ ነው የሚታደለው?» ነበር ሥራቸው። ለማግባት ሳይሆን ከእነሱ ለመገላገል ማግባት አምሮኝ ነበር። አንተም ራቃቸው፣ ሌላ ጓደኛ ፈልግ።

ጊዮርጊስ ጀርባ · 5፡19

እህቴ፣ ተራቢው እኔ ነኝ።

የሜክሲኮዋ · 5፡26

ውይ! አሁን መልሼ አነበብኩት። እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይጠቅምህ ይሆናል።

ከእነዚያ ሰዎች አንዷ የሆነ ቀን ነቃች። ነቃችና ምን አደረገች መሰለህ? በማግስቱ ማር ሆና መጣች። «የኔ ቆንጆ፣ እንዴት አደርሽ? ሻይ ላምጣልሽ?» ሌላው ሊቀልድ አፉን ሲከፍት ደግሞ በእጇ ምልክት ትሰጠዋለች፤ እኔ እያየኋት! የታመመ ሰው የተኛበት ክፍል መሰለ ቢሮው። ከተረቡ ይልቅ ያ ነው ምሳዬን ብቻዬን እንድበላ ያደረገኝ። ቢያንስ ሲተርቡኝ ከእነሱ እንደ አንዷ ነበርኩ።

ካዛንቺስ የነበርኩ · 6፡10

እኔ ልክ እንደ ጓደኛህ ነኝ። ከተተራቢው ወገን ልንገራችሁ። በ2017 ነው ከካዛንቺስ የወጣነው።

ከውጭ የማይታያችሁ ምልክት አለ። ሰውዬው ራሱን ቀድሞ መተረብ ይጀምራል። እኔ ገና ከበሩ ስገባ «ገበሬው መጣ፣ ተነሱለት» እል ነበር። እነሱ «እንዴት አድርጎ ለመደው!» ይላሉ። አልለመድኩትም። እንዳይመቱኝ ቀድሜ ራሴን በቀስታ መምታቴ ነው። ሰው ራሱን ሲተርብ ፊቱን እዩ። ተጫውቶ ከሆነ ተናግሮ ወደ እናንተ ያያል፤ ምን ትመልሳላችሁ ብሎ። ሊገላገል ከሆነ ተናግሮ ወደ ስልኩ ያያል።

ሌላው ግሩፑ ነው። ድሮ በድምፅ ነበር የምመልሰው፤ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ተረብ ቀድቼ። ከዚያ ጽሑፍ ሆነ። ከዚያ አንዲት የሳቅ ምስል ብቻ። በኋላ ያቺንም ሁሉም ከላኩ በኋላ፣ ጎደለ እንዳይባል መላክ ጀመርኩ።

ሂሳቡን ለብቻው ከፈለ ያልከው ግን አስደነገጠኝ። እኔም እሱን አድርጌዋለሁ። «የእናንተ ዕዳ የለብኝም» ማለት ነበር፤ በቃል ልለው ስላልቻልኩ።

ጊዮርጊስ ጀርባ · 6፡22

ራሱን ቀድሞ መተረቡን ስታነሳ ደነገጥኩ። «ከአንድ ቀን ጉዞ በኋላ ደረስኩ» እያለ ነው የሚገባው ሰሞኑን። እኔ ሞቅ ብሎት መስሎኝ አጨበጭብለት ነበር።

ቁርጡን ንገረኝ · 6፡35

እሺ ተሸነፍኩ፤ በሰው ፊት አይጠየቅም። ብቻውን አግኝቶ መጠየቅስ? አሁንም ዝም ብሎ መተው ፈሪነት ይመስለኛል። አጥፍተሃል፣ አጥፍቻለሁ በል።

የግቢው እናት · 7፡05

ልጆቼ፣ እኔም የዚያው ሰፈር ነኝ። ስሙን ስታነሱ ልቤ ድንግጥ አለ።

ልጄ ጊዮርጊስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዚህን ልጅ ቤት አይታችሁታል? እናቱን እንኳን ደስ አለዎት ብላችኋል? ይኸን ያህል ጊዜ ስለ አራብሳ ስታወሩ፣ አንድ ቀን ሄዳችኋል?

እኔ ወደ ኮንዶሚኒየም ስወጣ የቸገረኝ ቤቱ አልነበረም። ቤቱስ ደህና ነው፣ መታጠቢያውም የራስ ነው። የቸገረኝ ቡናዬን አፍልቼ የምጠራው ሰው ማጣቴ ነው። ድሮ «ኑ ቡና ጠጡ» ብዬ ከበሬ ሳልወጣ ሦስት ጎረቤት ይመጣ ነበር። ያ ልጅ ማታ የሚቸኩለው ለታክሲው ብቻ አይመስለኝም። እናቱ ብቻዋን ናት። እሱን ነው የምትጠብቀው።

ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ደግሞም ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው። እናንተ ሆዱ ለባሰው ልጅ በየሳምንቱ ማጭድ እየሳላችሁ ትሰጡታላችሁ።

ጊዮርጊስ ጀርባ · 7፡12

እትዬ፣ አልሄድንም። አንድም ቀን።

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል · 7፡50

እትዬ እኔ ያላየሁትን አዩት።

ቁርጡን ያለውን ልመልስ። ይቅርታው ይቅር አላልኩም። ግን አጠያየቁ ነው የሚያስፈራኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀስቲን ክሩገር ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት አለ፤ ተራቢ ሰው በልቡ ያለው ወዳጅነት ለተተረበው ሰው የሚታይ ይመስለዋል፤ ተተራቢው ግን የሰማውን ቃል ነው የሚያየው። የአንተም ችግር ይኸው ነው። አንተ «ቪዛው ስንት ሰዓት ፈቀደልህ?» ስትል በልብህ «ናፍቀኸናል፣ ቶሎ አትሂድብን» ማለትህ ነበር። እሱ የሰማው «አንተ ከዚህ ከተማ አይደለህም» ነው። አሁን ሄደህ «እኔ እኮ ክፉ አስቤ አይደለም» ብትለው የራስህን ልብ ማብራራት ነው የሚሆነው። እሱ ደግሞ አንተን ማጽናናት ይጀምራል፤ «ኧረ ምንም አይደል፣ ስንተዋወቅ!» በማለት። ተጎጂው አጽናኝ ሆኖ ያርፋል።

ስለዚህ ካልክም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሳይሆን ጎን ለጎን ስትሄዱ። «የአራብሳዋን ነገር አብዝቻት ነበር፣ ትቻታለሁ» ብለህ ሌላ ወሬ ትቀጥላለህ። መልስ አትጠብቅ። «ይቅር አልከኝ?» አትበል፤ የማይፈልገውን ሥራ መስጠት ነው።

ቅዳሜ ደግሞ ሌላው ሰው ሲጀምረው «ተዉት» እንዳትል። የሜክሲኮዋ ነግራናለች። «ተዉት» ስትል ሰውዬው የሚጠበቅ ሕፃን ይሆናል። ነገሩን ወደ ሌላ ሰው አዙረው፤ በተለይ መተረብ ወደሚወድ። ከሁሉም ምቹው የራስህ አፍንጫ ነው። በዚህ ጉዳይ ታድለሃል።

እሪ በከንቱ · 8፡03

እኔ ግን አሁንም ቦታ ቀይሩ ባይ ነኝ። ከአራብሳ ፒያሳ ቅዳሜ 11 ሰዓት ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ አስባችሁታል? መልሱ ደግሞ በጨለማ መገናኛ ሰልፍ። ለምን በቀን አትገናኙም?

ካዛንቺስ የነበርኩ · 8፡11

ይኼ ሰውዬ አምባሳደርን ሆቴል ቢያደርገውም አሁን ያለው ትልቅ ነገር ነው። እኔን ተረቡን ብቻ ቢተዉልኝ ኖሮ የሚሰማኝ፣ ስለ መንገዴ ማውራት አቆሙ፤ መንገዱ ግን ያው የእኔ ብቻ ዕዳ ነው፣ ነበር።

ጊዮርጊስ ጀርባ · ረቡዕ ማታ 2፡40

የመጀመሪያውን አበላሸሁት፤ ሳቁብኝ።

ሰኞ ዕለት የግሩፑን ስም ቀየርኩ። «የአራብሳ ኤምባሲ» የሚለውን አጥፍቼ «ቅዳሜ» አልኩት። ዝም ብዬ። ማንም የማያይ መስሎኝ! ቴሌግራም ደግሞ ስም ሲቀየር ማን እንደቀየረው ጭምር መሀል ላይ ይጽፋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የአራት ኪሎው ልጅ «ኤምባሲው ተዘጋ እንዴ? ግንኙነት ተቋረጠ?» አለ። ሌላው «ዲፕሎማቶቹ በ48 ሰዓት ውስጥ ለቀው ይውጡ» አለ። እኔ ደንግጬ «በቃ ተዉት፣ ሰለቸ» ብዬ ጻፍኩ። «ማን ሰለቸው? አምባሳደሩ ከሰሱ?» ተባለ። ወደ ሃያ ተረብ ወረደ። እሱ ሁሉንም አይቶታል፤ ዓይቶ አንዲት ነገር አልጻፈም። የሳቋን ምስል እንኳ አልላከም።

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል · 3፡05

«ተዉት»ን አልክ።

ጊዮርጊስ ጀርባ · 3፡06

አልኩ።

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል · 3፡20

ስሙን ለመቀየር ሰበብ ያስፈልገው ነበር። በዓል ቢደርስ፣ የሆነ ጨዋታ ቢኖር፣ ሌላ የሚያስቅ ነገር ተፈጥሮ ስሙ በዚያ ቢተካ፣ ኤምባሲው በሌላ ቀልድ ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር። ባዶ ቦታ ስትተው ሰው «እዚህ ምን ነበር?» ይላል። አሁን ግን መልሰህ አትንካው። ይብረድ። እትዬ ያሉትን ብታደርግ ይሻላል፤ ግን ሦስታችሁ ተሰብስባችሁ ዳቦ ተሸክማችሁ ልዑክ እንዳትሆኑ። ብቻህን ሂድ።

ቁርጡን ንገረኝ · 3፡31

ልዑክ ያልካት ራሷ ተረብ ናት። አምባሳደሩን ሊጎበኝ የሄደ ልዑክ!

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል · 3፡33

አስተውለሃል? እኔም ተላላፊ በሽታው ይዞኛል።

ጊዮርጊስ ጀርባ · እሑድ ማታ 1፡15

ሄድኩ። ዓርብ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ። ለእናቱ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ነበር። ለእሱ «በዚያ በኩል ሥራ አለኝ፣ ቤት ናችሁ?» ብዬ ቀደም ብዬ ደወልኩ። ውሸቴን ነው፤ ምን ሥራ አለኝ እዚያ።

መንገዱን ልንገራችሁ ብል ሌላ ክር መክፈት ሊኖርብኝ ነው። ከፒያሳ መገናኛ፣ መገናኛ ሰልፍ፣ ከዚያ አራብሳ። ከቤቴ ወጥቼ በራቸውን እስካንኳኳ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ። ያውም በቀን፣ ያውም በሥራ ቀን። እሱ ይህንን ቅዳሜ ሁለቴ ነው የሚያደርገው፤ ያኔም «ስንቁን የት ጣልከው?» እያልን እንቀበለዋለን።

እናቱ አቅፈው ሳሙኝ። «የጊዮርጊሱ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ እሱን ከጓዳ በስሙ ጠሩት። ስሙን ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ፤ እኔ ዓመት ሙሉ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። በስልኬም የተመዘገበው አምባሳደር ተብሎ ነው። እዚያው ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። ማንም አላየኝም።

ሲሸኘኝ እስከ ታክሲው ጎን ለጎን ሄድን። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኳት። «የአራብሳዋን ነገር አብዝቻት ነበር፣ ትቻታለሁ» አልኩ። ዝም አለ። ዝምታው ረዘመብኝና ልጨምርበት አፌን ስከፍት፣ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁት። ትንሽ ከሄድን በኋላ «እማዬ ግሩፑን አይታው ነበር» አለ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ስሙን አንብባ፣ «እኛን ነው እንዴ የሚሉት?» ብላ ጠይቃዋለች። ከሦስት ወር በፊት ነው።

ከዚያ ስለ ኳስ አወራን።

የግቢው እናት · 1፡28

ውይ የኔ ልጅ።

የሜክሲኮዋ · 1፡34

እናትየዋ። አየህ፣ እሱ ራሱማ ችሎት ነበር።

ካዛንቺስ የነበርኩ · 1፡40

ትናንት ቅዳሜ መጣ?

ጊዮርጊስ ጀርባ · 1፡52

መጣ። ለሁሉም «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ 8 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ማታ ማታ ባለቤትየዋ ቤቱን ትዘጋብኛለች» ብዬ ነበር። አከራዬን ነው። ተረቡ እኔ ላይ ወረደ፤ «ሰዓት እላፊ ታወጀበት» ተባልኩ፤ የሰዓቱን ለውጥ ምክንያት ማንም አልጠየቀም። ይህቺን ከእናንተ ሳልማር ያደረግኳት ናት፣ መዝግቡልኝ።

የአራት ኪሎው ልጅ ልማድ ሆኖበት «ክቡር አምባ…» ብሎ ሲጀምር «አንተ ቆይ፣ ይቺን ሸሚዝ ዛሬም ለበስካት? አክስትህ አላቃጠለቻትም?» አልኩት። ሄደ በዚያው፤ ሸሚዙን መከላከል ጀመረ። አስተናጋጁን ቀደም ብዬ ለብቻው ነግሬዋለሁ፤ «ምን ልታዘዝ ጋሼ?» ብቻ አለው።

እሱም ተጫወተ። ሁለቱን ልጆች በደንብ ተረባቸው። ማኪያቶውን ጨረሰ፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ሂሳቡን አንድ ላይ ነው የከፈልነው።

እኔን ግን አልተረበኝም። አንዲት እንኳ። አፍንጫዬን ሁለት ጊዜ አመቻችቼ አቀረብኩለት፤ «አየሩ ዛሬ ለእኔ ቀድሞ ነው የደረሰው» ምናምን ብዬ። ፈገግ ብሎ ወደ ሌላው ዞረ።

ቁርጡን ንገረኝ · 2፡01

አሁንስ ቁጭ አድርገህ ጠይቀው። ይቅርታ ብለሃል፣ ቤቱ ድረስ ሄደሃል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል · 2፡15

እኔ አልጠይቅም ነበር። ሰው የሚተርበው የሚቀርበውን ነው። ያልተረበህ ስላልቀረብከው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቤቱ ሄደህ እናቱን ካየህ በኋላ መተረብ ከብዶት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ፤ ከዚህ ሆኜ ልለያቸው አልችልም። አፍንጫህን ማቅረብ ግን ተው። በልመና የሚገኝ ተረብ አያስቅም።

ካዛንቺስ የነበርኩ · 2፡24

እኔ ጓደኞቼ ካቆሙ በኋላ የመጀመሪያዋን ተረብ ለመወርወር ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። አንዱን ደግሞ እስከ ዛሬ አልተረብኩትም። አብረን እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ ገንዘብም እንበዳደራለን። ተረብ ግን የለም።

እሪ በከንቱ · 2፡30

8 ሰዓት ካላችሁስ ለምን መገናኛ አታደርጉትም? ለሁላችሁም ግማሽ መንገድ ነው።

ጊዮርጊስ ጀርባ · 2፡37

ለግሩፑ ጻፍኩት። «የሚቀጥለው ቅዳሜ መገናኛ» ብዬ። ሁለቱ መንጫጫት ጀምረዋል፤ «ፒያሳን ለቀን የት ልንሄድ» እያሉ። እሱ አይቶታል፤ እስካሁን አልመለሰም።